ለሥራ አስኪያጁ የጻፍኩት የርክክብ ማስታወሻ፦ ከ41 ግኝት ሦስቱ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ዌብሳይት አሠርቶ ነበር። ሥራውን በኮንትራት የወሰደው ቡድን ጨርሻለሁ ብሎ ኮዱን አስረከበ። ከዋጋው 30 ከመቶው ገና አልተከፈለም፤ የሚከፈለው ርክክቡ ሲፈረም ነው። ሥራ አስኪያጁ ከመፈረማቸው በፊት «እስቲ አንተ አገላብጠህ እየው» ብለው ሰጡኝ። ኮዱን አንብቦ ለመጨረስ አምስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ደብተሬ ላይ 41 ነጥብ ተጽፎ ነበር።

41ዱንም ብሰጣቸው ምንም አይጠቅማቸውም። እሳቸው ሆቴል ነው የሚያስተዳድሩት፣ ኮድ አያነቡም። የሚፈልጉት የሦስት ጥያቄ መልስ ነው። ልፈርም ወይስ አልፈርም? እስኪስተካከል ድረስ ዛሬ ምን ልዝጋ? ሠሪዎቹን ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ስለዚህ ማስታወሻው አንድ ገጽ ሆነ፣ ሦስት ግኝት ብቻ ይዞ። ሌሎቹ 38ቱ ለሠሪዎቹ በተለየ ፋይል ሄዱ። አብዛኞቹ የተዝረከረከ ኮድ፣ የተደጋገመ ፋይል፣ ያረጀ ላይብረሪ የመሳሰሉ ናቸው። መስተካከል አለባቸው፣ ግን ነገ ጠዋት ማንንም አይጎዱም።

ሦስቱን የመረጥኩበት መለኪያ ቀላል ነው። ነገሩን ለማድረግ ልዩ ችሎታ ያስፈልጋል ወይስ ማንም ይችለዋል? ከሆነስ በኋላ የጠፋው ይመለሳል ወይ? ማንም የሚችለውና የማይመለሰው ከላይ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ግኝት የክፍያ ነው፣ ረዘም አድርጌ የማስረዳውም እሱን ነው።

እንግዳው በስልኩ ሲከፍል ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ክፍያ ድርጅቱ እንጂ ወደ ሆቴሉ ዌብሳይት አይደለም። ታዲያ ዌብሳይቱ መከፈሉን በምን ያውቃል? ክፍያ ድርጅቱ ሲጨርስ ለሆቴሉ ሰርቨር መልእክት ይልካል፣ «ይህ ቁጥር ያለው ቡኪንግ ተከፍሏል» ብሎ። ሰርቨሩም ያንን ተቀብሎ ክፍሉን ይይዛል፣ ለእንግዳውም ማረጋገጫ በኢሜይል ይልካል። ይህ መልእክት የሚገባበት በር ኢንተርኔት ላይ ክፍት መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ክፍያ ድርጅቱም አይደርስበትም። ዋናው ጥያቄ በሩ ላይ የቆመው ኮድ መጪውን «ማነህ?» ብሎ መጠየቁ ነው። የተረከብነው ኮድ ይህን ይመስላል፣ አሳጥሬዋለሁ።

```php
public function paymentCallback(Request $request)
{
    $booking = Booking::where('ref', $request->ref)->first();
    if ($request->status === 'success') {
        $booking->update(['paid' => true]);
    }
}
```

ፒኤችፒ ለማያውቅ ሰው፦ ኮዱ የቡኪንግ ቁጥሩን ከመጣው መልእክት ላይ ያነባል፣ ቁጥሩን ዳታቤዝ ውስጥ ይፈልጋል፣ መልእክቱ ላይ «ተሳክቷል» የሚል ካለ «ተከፍሏል» ብሎ ይመዘግባል። በቃ። ማን እንደላከው አይጠይቅም። ስንት ብር እንደተከፈለም አያይም።

ኮዱን አንብቤ ብቻ ግኝት አልልም፣ መሞከር አለብኝ። የሙከራ ሰርቨሩ ላይ የሦስት ሌሊት ክፍል ያዝኩ። የክፍያው ገጽ ሲከፈት ተውኩት፣ ሳንቲም አልከፈልኩም። የቡኪንግ ቁጥሬ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ከላፕቶፔ ይህችን ሰደድኩ፣ የአድራሻውን ስም ብቻ እዚህ ቀይሬዋለሁ።

```
curl -X POST https://staging.example/payment/callback \
  -d "ref=BK-1187" -d "status=success"
```

ወዲያው ኢሜይሌ ላይ ማረጋገጫ ገባ። ሎጎው አለ፣ የክፍሉ ቁጥር አለ፣ «ክፍያዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ይላል። ያንን ይዤ ሪሴፕሽን ብሄድ ቁልፍ ይሰጠኛል። ደግሞ ምንም አልሰበርኩም፣ የማንንም የይለፍ ቃል አልሰረቅኩም። ክፍት በር ላይ ሄጄ ውሸት ተናገርኩ፣ በሩም አመነኝ።

ይህን ለሥራ አስኪያጁ እንዴት ልጻፈው? የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «የዌብሁክ ፊርማ አይረጋገጥም» ብዬ ነበር። ለባለሙያ ልክ ነው። ሳሳያቸው ግን «የማን ፊርማ? ውሉ ላይ ያለው?» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ እሳቸው ዘንድ ፊርማ ማለት በእስክሪብቶ የሚፈረም ነው። ስለዚህ ትቼው እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ አንድ ሰው ሪሴፕሽን ስልክ ደውሎ ‹ከባንክ ነው፣ የ12 ቁጥር እንግዳ ከፍሏል› ቢል ልጅቷ ቁልፉን ትሰጣለች?» «ኧረ በስመ አብ! ማን መሆኑን ሳታጣራ?» አሉ። ዌብሳይቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ማስታወሻው ላይ የገባው አንቀጽ ይህ ነው፦

«አንደኛ። ያልከፈለ ሰው ‹ተከፍሏል› የሚል ቡኪንግ ማግኘት ይችላል። ኢንተርኔትና የራሱ የቡኪንግ ቁጥር ብቻ ይበቃዋል። በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ራሴ አድርጌ አይቻለሁ፤ 0 ብር ከፍዬ የሦስት ሌሊት ማረጋገጫ ደርሶኛል። እስኪስተካከል ድረስ ሪሴፕሽን ዌብሳይቱ ‹ተከፍሏል› ስላለ ብቻ ቁልፍ አይስጥ፣ ገንዘቡ አካውንት መግባቱን ይይ። ማስተካከያው ለሠሪዎቹ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። ይህ ሳይስተካከል ርክክቡ እንዳይፈረም እመክራለሁ።»

የአንቀጹን አካሄድ ልብ በሉ። መጀመሪያ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ቀጥሎ ማን ሊያደርገው እንደሚችል፣ ቀጥሎ በምን እንዳወቅኩ፣ ከዚያ ዛሬ ምን ይደረግ፣ መጨረሻ ላይ ማስተካከያው ስንት ቀን ይፈጃል። «ዛሬ ምን ይደረግ» የሚለውን ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። የኮዱ መስተካከል ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ እንግዳ ግን ማታውኑ ይመጣል። ዌብሳይቱ ደግሞ ለሙከራ ተብሎ ከወር በፊት ተከፍቶ እውነተኛ እንግዶች ያስይዙበት ነበር።

ለሠሪዎቹ የሄደው ፋይል ላይ ማስተካከያውን በዝርዝር ጻፍኩት። ክፍያ ድርጅቶች መልእክት ሲልኩ አብረው አንድ የተሰላ ኮድ ይልካሉ፣ ረቂቄ ላይ የዌብሁክ ፊርማ ያልኩት እሱን ነው። ኮዱ የሚሰላው ከመልእክቱና በሆቴሉና በድርጅቱ መካከል ብቻ ከሚታወቅ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ቁልፉ የሌለው ሰው ያንን ኮድ ማውጣት አይችልም። ሰርቨሩ በራሱ በኩል አስልቶ ያነጻጽራል፣ ካልገጠመ ያባርረዋል።

```php
$expected = hash_hmac('sha256', $request->getContent(), $secret);
if (!hash_equals($expected, (string) $request->header('X-Signature'))) {
    abort(401);
}
```

የተሰላው ኮድ የሚመጣበት ሄደር ስም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፣ የአሰላሉ ዝርዝርም እንደዚያው፤ ከሰነዳቸው ላይ ማየት ነው። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። መልእክቱ እውነተኛ ሆኖም የተከፈለው ብር ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ክፍያ ድርጅቱ መልሶ «ይህ ቁጥር በእርግጥ ተከፍሏል? ስንት?» ብሎ ጠይቆ፣ የመጣውን መጠንና የገንዘብ ዓይነት ከክፍሉ ዋጋ ጋር ማመሳከር አለበት። 200 ብርና 200 ዶላር ቁጥራቸው አንድ ነው። ሌላም አለ፦ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ድርጅቱ አንዱን መልእክት ሁለቴ ሊልክ ይችላል፣ ሁለተኛው ሲመጣ ኮዱ ምንም መድገም የለበትም።

ሁለተኛው ግኝት አጭር ነው፣ ግን በጣም ያናደደኝ እሱ ነው። እንግዳው ካስያዘ በኋላ ደረሰኙን የሚያይበት ገጽ አለ፣ አድራሻው መጨረሻ ላይ `/bookings/1187/receipt` ይላል። 1187ን 1186 አደረግኩት። የሌላ ሰው ደረሰኝ ተከፈተ፣ ሎግኢን እንኳን ሳላደርግ። ስም፣ ስልክ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ከታች ደግሞ የፓስፖርቱ ፎቶ። 1185ንም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ከዚያ አቆምኩ። ማሳያ ለማግኘት ሁለት ይበቃል፣ የሰው ሰነድ እየከፈቱ መሄድ ምርመራ አይደለም።

የፓስፖርት ፎቶ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ፊትና የትውልድ ቀን አይቀየርም። በሕግም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት እንዲጠብቀው ግዴታ አለበት። ኮዱን የጻፈው ሌላ ነው፣ እንግዳው ፓስፖርቱን የሰጠው ግን ለሆቴሉ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ከእኔ መስማት ነበረባቸው፣ ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁት። የሕግ ምክሩን ግን ለጠበቃቸው ተውኩ፣ የእኔ ሙያ አይደለም።

ለዚህ የጻፍኩት የዕለቱ እርምጃ «ገጹ ዛሬ ይዘጋ» የሚል ነው፣ ደረሰኝ ለጊዜው በኢሜይል ይላክ። ሠሪዎቹ «ቁጥሩን ረጅምና የማይገመት እናደርገዋለን» አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ሊንክ በቴሌግራም ይተላለፋል፣ ብሮውዘር ላይ ይቀራል። ዋናው ማስተካከያ ገጹ ሲከፈት «ይህን የሚጠይቀው ሰው የቡኪንጉ ባለቤት ነው?» ብሎ ማጣራቱ ነው። ፎቶዎቹም ማንም በአድራሻቸው ከሚከፍታቸው ፎልደር መውጣት አለባቸው፣ አለበለዚያ ገጹን ዘግተን ፎቶውን ክፍት ተውነው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ሥራ አስኪያጁ የጠየቁኝን ጥያቄ እኔ አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። «እስካሁን የገባ ሰው አለ?» የሰርቨሩን ሎግ አወጣሁ። አንድ ሰው ቁጥሮቹን በተራ ቢከፍት ኖሮ ከአንድ አድራሻ 1101፣ 1102፣ 1103 እያለ የሚሄድ ሰልፍ ይታይ ነበር። የወሩን ሎግ አየሁ። እንደዚያ ያለ ሰልፍ የለም። የሌላ ሰው ደረሰኝ የከፈተው የእኔ አድራሻ ብቻ ነው። ይህንንም ማስታወሻው ላይ ጨመርኩ፣ ሎጉ ያለው የአንድ ወር ብቻ መሆኑን ጠቅሼ።

ሦስተኛው ለጎንደር ሆቴል የተለየ ትርጉም አለው። አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ይሸጣል።

በአዘቦት ቀን ይህ ስህተት አይታይም። ለጥምቀት ግን ይታያል። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፤ በእነዚያ ሌሊቶች ከተማው ውስጥ አልጋ ማግኘት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የዚህ ሆቴል ክፍሎች 34 ናቸው። የመጨረሻው ክፍል ሲቀር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እሱኑ ይጫናል። ኮዱ የሚሠራው በሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ «ይህ ክፍል በእነዚህ ሌሊቶች ነጻ ነው?» ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ ነጻ ከሆነ ቀጥሎ ይመዘግባል። በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ጥቂት ሚሊሰከንድ አለ። በዚያች ክፍተት ሁለተኛው ሰው ቢጠይቅ፣ የመጀመሪያው ገና ስላልተመዘገበ «ነጻ ነው» ይባላል። ሁለቱም ይመዘገባሉ። ሁለቱም ይከፍላሉ። ሁለቱም ከተራ ዕለት ሻንጣቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ሠሪዎቹ «እኛ ጋ እንዲህ አያሳይም» አሉ፣ እውነታቸውን ነው። በእጅ እየጫኑ ሲሞክሩት አይመጣም። እኔ ለአንድ ክፍልና ለአንድ ቀን 20 ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። በመጀመሪያው ዙር ሦስቱ ተመዘገቡ። በሁለተኛው ሁለት። በሦስተኛው አንድ ብቻ፣ ማለትም ልክ ሆነ። እንዲህ ያለ ስህተት አንዴ ሞክሮ «ይሠራል» የሚያስብል ነው፣ ለዚህ ነው ማስታወሻው ላይ የሦስቱንም ዙር ውጤት የጻፍኩት። አንዱን ብቻ ብጽፍና ሠሪዎቹ ሞክረው ባይደገም፣ ሥራ አስኪያጁ ማንን ይመኑ?

ማስተካከያው ኮዱ ላይ ሌላ «ነጻ ነው?» መጨመር አይደለም፣ ክፍተቱ ያው ይኖራል። ክልከላው ዳታቤዙ ራሱ ውስጥ ይገባል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ስለሆነ መንገድ አለው።

```sql
CREATE EXTENSION IF NOT EXISTS btree_gist;

ALTER TABLE bookings ADD CONSTRAINT no_overlap
  EXCLUDE USING gist (
    room_id WITH =,
    daterange(check_in, check_out) WITH &&
  ) WHERE (status <> 'cancelled');
```

በአማርኛ፦ ክፍሉ አንድ ሆኖ ቀናቱ የሚደራረቡ ሁለት ያልተሰረዙ ቡኪንጎች አብረው ሊኖሩ አይችሉም። ሁለተኛው ሊመዘገብ ሲል ዳታቤዙ ይመልሰዋል፣ ኮዱም ለእንግዳው «ይቅርታ፣ አሁን ተይዟል» ይለዋል። የመውጫው ቀን አይቆጠርም፣ ስለዚህ አንዱ ጥር 12 ጠዋት ሲለቅ ሌላው በዚያው ዕለት መግባት ይችላል። አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ሰንጠረዡ ውስጥ አስቀድሞ የተደራረበ ካለ ይህ ትእዛዝ አይሠራም፣ ይወድቃል። መውደቁ ጥሩ ነው፣ የተደራረበ መኖሩን ይነግርሃል። ደግሞም ክፍል ይዞ ሳይከፍል የጠፋ ሰው ክፍሉን እንደያዘ እንዳይቀር፣ ያልተከፈለው ቡኪንግ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ መሰረዝ አለበት።

ከሦስቱ ውጭ አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩ። የክፍያው ምስጢራዊ ቁልፍ `.env` በሚባል ፋይል ኮዱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሠሪዎቹ አይተው ፋይሉን አጥፍተዋል፣ ግን የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የድሮውን ሁሉ ያስቀምጣል። `git log -p --all -- .env` ብሎ የጠየቀ ሰው ቁልፉን እንዳለ ያገኘዋል። ፋይል ማጥፋት አይፈውሰውም፣ ቁልፉ ራሱ ተሰርዞ አዲስ መውጣት አለበት። ይህ ከመጀመሪያው ግኝት ጋር የተያያዘ ነው፣ ምክንያቱም መልእክቱን የሚያረጋግጠው ኮድ የሚሰላው በምስጢራዊ ቁልፍ ነው። የታወቀ ቁልፍ ካለ ማረጋገጫውም ዋጋ የለውም።

ማስታወሻው ከመግባቱ በፊት ለሠሪዎቹ አሳየኋቸው። አንዳንድ ሰው ይህን አይወደውም፣ ግን እኔ አጥብቄ አምንበታለሁ። የሰው ደሞዝ የተያዘበት ወረቀት ነው። ደግሞ ጠቅሞኛል። መጀመሪያ አራት ግኝት ነበር ከላይ ያስቀመጥኩት። አራተኛው የፍለጋ ገጹ ላይ ተጠቃሚው የጻፈው ነገር በቀጥታ ወደ ዳታቤዝ ጥያቄ ይገባል የሚል ነበር። አንደኛው ልጅ ኮዱን ከፍቶ አሳየኝ፦ የተጻፈው ነገር ከዚያ በፊት ባለው ፋይል ውስጥ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ነው የሚመጣው፣ ፊደል ቢጻፍበት 0 ይሆናል። ሞከርኩት፣ ልክ ነው። አወጣሁት። አጻጻፉ አሁንም ጥሩ አይደለም፣ ግን ቦታው 38ቱ ውስጥ ነው።

የማስታወሻው የመጨረሻ አንቀጽ ያላየሁትን የሚናገር ነው። የሒሳብ ሪፖርቱን ክፍል አልመረመርኩም፣ ጊዜ አልበቃም። የሞባይል አፑን ጭራሽ አልተሰጠሁም። ያየሁትም ኮድ የትኛው እንደሆነ ጊት ለእያንዳንዱ ለውጥ በሚሰጠው ቁጥር፣ በኮሚት ቁጥሩ፣ ጻፍኩ፣ ምክንያቱም ሠሪዎቹ በማግስቱ ኮዱን ይቀይራሉ፤ ያኔ «ይህ እኮ የለም» ሲባል የቱን እንዳየሁ መታወቅ አለበት። የዶሜይኑ ስምና የሰርቨሩ አካውንት በማን ስም እንደተመዘገቡም ጠየቅኩ። በሠሪዎቹ ስም ነበሩ። ከመፈረሙ በፊት ወደ ሆቴሉ ይዛወሩ አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻውን ቆመው አነበቡት። ከዚያ ሪሴፕሽን ደውለው «ከዛሬ ጀምሮ ብሩ ሳይገባ ቁልፍ የለም» አሉ፣ ለሠሪዎቹም አሥር ቀን ሰጡ። በስምንተኛው ቀን አዲሱ ኮድ መጣ። ያችኑ የውሸት ክፍያ ትእዛዝ ላክሁ፣ 401 መለሰች፣ አልተፈቀደም ማለት ነው። የሌላ ሰው ደረሰኝ ስከፍት ሎግኢን ጠየቀኝ፣ በራሴ አካውንት ገብቼ ስሞክርም ከለከለኝ። 20ውን ጥያቄ አሥር ዙር ላክሁ፣ በአሥሩም ዙር የተመዘገበው አንድ ብቻ። ቁልፉ ግን ገና አልተቀየረም ነበር። ስለዚህ ከማስታወሻው ላይ ሦስቱን ግኝቶች «ተስተካክሏል» ብዬ አዲሱን የኮሚት ቁጥር ጽፌ፣ የቁልፉን መስመር ክፍት አድርጌ መለስኩላቸው። እሳቸውም አልፈረሙም፣ ቁልፉ ማክሰኞ እስኪቀየር ጠበቁ።